ለአንዲት አዲስ ገቢ የሶጆርኖ ማደሻ ደብዳቤ መተርጎም፦ ቀኑ ከየት ይቆጠራል? ወረቀቱን ማን ይሰጣል?

ጥያቄ፦ «የአክስቴ ልጅ ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት እየተንከባከበች እዚያው ቤት ትኖራለች። ሶጆርኖዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለቴ ነው፣ የሚያበቃው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ነበር፤ ማደሻውን ሴፕቴምበር 9 በፖስታ አስገብታለች። አሁን ማርች 3 ቀን 2026 ከክዌስቱራ፣ ከፖሊስ መሥሪያ ቤቱ፣ በራኮማንዳታ፣ በአደራ ፖስታ፣ ደብዳቤ ደረሳት። ኦጄቶ በሚለው ቦታ ላይ ‹ሞቲቪ ኦስታቲቪ› እና ‹10 ቢስ› የሚል አለ። ላዩ ላይ ያለው ቀን 20/02/2026 ነው፣ ውስጡ 10 ቀን ይላል፣ 60 ቀን የሚልም አለበት። ጣሊያንኛ ገና አልገባትም፤ እኔ ትንሽ ስለምችል ልተርጉምላት ብዬ ተምታታብኝ። ተከልክላ ይሆን? እንዴት አድርጌ ልጻፍላት?»

ምላሽ፦

አልተከለከለችም። በትርጉምዎ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይህንኑ ይጻፉላት፤ የቀረውን ረጋ ብላ የምታነበው ይህን ካወቀች ነው። ነገር ግን ሥራ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው፤ ያላትም ቀን ጥቂት ነው።

ከጣሊያን መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ሲተረጎም መጀመሪያ የሚነበበው ኦጄቶ የሚለው መስመር ነው፤ እኛ «ጉዳዩ» የምንለው ማለት ነው። «10 ቢስ» የ1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሕግ ቁጥር 241 አንቀጽ ነው። ይህ አንቀጽ መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ውድቅ ከማድረጉ በፊት «ልከለክልሽ ያሰብኩት በዚህ በዚህ ምክንያት ነው፤ የምትዪው ካለ በዐሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቅርቢ» ብሎ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። «ሞቲቪ ኦስታቲቪ» ማለትም «ማመልከቻውን እንዳንቀበል ያገዱን ምክንያቶች» ነው። ስለዚህ ይህ ከመከልከል በፊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። መከልከያው ራሱ የሚመጣው «ዴክሬቶ» ተብሎ ነው። በሥራ ለተሰጠ ሶጆርኖ ከሆነ ደግሞ መጨረሻው ላይ በ60 ቀን ውስጥ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ማለትም ለታር፣ አቤት ማለት እንደሚቻል ይጽፋል። እሱ ቢመጣ የሚያስፈልጋት ጠበቃ ነው። ሁለቱን መለየት የደብዳቤውን ግማሽ መረዳት ነው።

አሁን ወደ ቀኖቹ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና ጊዜ ወስጄ ላስረዳ።

ላዩ ላይ ያለው 20/02/2026 ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ነው። ዐሥሩን ቀን ከዚያ ከቆጠሩ ማርች 2 ላይ ያልቃል፤ ደብዳቤው እጇ ከመግባቱ በፊት አለፈ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ወረቀቱን ያጥፈዋል። ሕጉ ግን ቀኑ የሚቆጠረው ከሪቼቪሜንቶ፣ ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን ነው ይላል። የደረሰበት ቀን ራሱ አይቆጠርም። ማርች 3 ከደረሳት አንድ ብለው የሚጀምሩት ከማርች 4 ነው፤ ዐሥረኛው ማርች 13፣ ዓርብ ይሆናል። የሚቆጠረው ቅዳሜና እሑድንም ጨምሮ ነው፤ «የሥራ ቀን» ካልተባለ በቀር ቀን ሁሉ ቀን ነው።

አንድ ነገር ግን አጣሩ። ማርች 3 ፖስተኛው እጇ የሰጣት ቀን ነው ወይስ እሷ ፖስታ ቤት ሄዳ ያነሣችበት ቀን? ፖስተኛው ሰው ሲያጣ አቪዞ ዲ ጃቼንሳ የምትባል ትንሽ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ጥሎ ይሄዳል፤ ራኮማንዳታው ፖስታ ቤት ሆኖ ይጠብቃል። እንዲያ ከነበረ መሥሪያ ቤቱ ቀኑን ከዚያች ወረቀት ጀምሮ ሊቆጥር ይችላል። እንግዲያስ በትርጉሙ ላይ የሚጻፈው የመጨረሻ ቀን ሁልጊዜ ቀደም የሚለው ይሁን። ቀድማ ብታቀርብ የሚጎድልባት የለም።

ቀጥሎ ያለው የትርጉም ስሕተት ከእኛ አቆጣጠር የሚመጣ ነው። ማርች የሚለውን «መጋቢት» ብለን እንመልሳለን። እርስዎ «እስከ መጋቢት 13» ብለው ቢጽፉላት እሷ የምታስበው በለመደችው አቆጣጠር ነው። መጋቢት 13 ቀን 2018 ማለት ደግሞ ማርች 22 ነው። ዘጠኝ ቀን ታልፍበታለች፤ ያውም በሰዓቴ ደረስኩ ብላ። ማርች 13 በእኛ መጋቢት 4 ነው። ስለዚህ የፈረንጁን ወር በአማርኛ ፊደል እንዳለ ይጻፉ፣ የእኛን በቅንፍ ያስከትሉ፣ ዕለቱን ይጨምሩ፦ «ዓርብ፣ ማርች 13 ቀን 2026 (መጋቢት 4 ቀን 2018)»። ዕለቱ ከሁለቱም አቆጣጠር ጋር አንድ ነው፤ አንደኛውን ቀን ብትስት ዕለቱ ይመልሳታል።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር ላንሣ። የጣት አሻራ ቀጠሮ ወረቀት ላይ «ኦሬ 09:18» የሚል ሰዓት ይኖራል። አንድ ወጣት ጓደኛው «9 ሰዓት ከ18» ብሎ ተርጉሞለት ከሰዓት በኋላ ደርሶ በሩ ተዘግቶ አግኝቷል። «ጠዋት 3 ሰዓት ከ18 ደቂቃ» ተብሎ ቢጻፍለት ኖሮ ሌላ ቀጠሮ ለመጠበቅ ወራት ባልባከኑበት ነበር። የእርስዎ ደብዳቤ ውስጥ ሰዓት ካለ በዚሁ መንገድ ይመልሱት፤ የፈረንጁንም ቁጥር አጠገቡ ያኑሩ፣ ግድግዳው ላይ የምታየው እሱን ነውና።

60 ቀን የሚለው ደግሞ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ስለሚችል ዓረፍተ ነገሩን በደንብ ይዩ። የ1998 (እ.ኤ.አ.) የስደተኞች ሕግ ማደሻ ቢያንስ 60 ቀን ሲቀር ይጠየቅ ይላል። በእሷ ጉዳይ ያ ቀን ኦገስት 1 ቀን 2025 ነበር። እሷ ሴፕቴምበር 9 ስላስገባች ዘግይታለች፤ ደብዳቤው ይህን ጠቅሶ ሊሆን ይችላል። ይህ መዘግየት ብቻውን ሶጆርኖ አያስከለክልም። ሌላው 60 ቀን ካበቃ በኋላ ያለው ነው፤ እስከ ኖቬምበር 29 ቀን 2025 ድረስ ማለት ነው። ያ ሁሉ አልፎ ምንም ማመልከቻ ያልገባለት ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል። እሷ ሶጆርኖዋ ሳያበቃ ስላስገባች ሁለተኛው አይነካትም። ፖስታ ቤት የሰጣት ሪቼቩታ፣ የማስገቢያው ደረሰኝ፣ እጇ ላይ እስካለና ውሳኔ እስካልተሰጠ ድረስ በሕግ መኖርም መሥራትም ትችላለች። ይህንን በትርጉሙ ግርጌ በአንድ መስመር ያስፍሩላት፤ አሠሪዋ ቤት «ወረቀትሽ አልቋል» ቢሏት የምታሳየው እንዲኖራት።

በነገራችን ላይ «ስካዴንሳ» የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ይውላል፤ ሶጆርኖው የሚያበቃበትን ቀንም፣ ማመልከቻ ወይም ወረቀት የሚቀርብበትን የመጨረሻ ቀንም ይጠሩበታል። በአማርኛ አንድ ቃል አይስጧቸው። ለመጀመሪያው «ሶጆርኖው ያበቃበት ቀን»፣ ለሁለተኛው «ወረቀት ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን» ቢሉ አትሳሳትም። ሁለቱንም «የጊዜ ገደብ» ካሏቸው የትኛው አልፎ የትኛው እንደቀረ መለየት አትችልም።

ቃላቱን በተመለከተ ከመዝገበ ቃላት ቀጥታ የተወሰዱ አራት አምስት ስሕተቶች በየደብዳቤው ይደጋገማሉ። አንዱ «ላ ሲኞሪያ ቮስትራ» ነው፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ፊደል አሳጥረው ይጽፉታል። ሰዋስዉ ስለ አንዲት ሌላ ሴት የሚያወራ ይመስላል፤ አንዳንድ ሰው አሠሪዋን መስሎት «እመቤቲቱ ወረቀት ታቅርብ» ብሎ ይተረጉማል። የሚናገረው ግን ከራሷ ጋር ነው፤ «እርስዎ» ማለት ነው። አጠገቡ ያለው «ኢንቪታታ» ሲሰሙት ግብዣ ይመስላል፤ ግብዣ ግን አይደለም፤ «ታዘዋል»፣ ቢያንስ «ይጠበቅብዎታል» ነው። «ኢንተግራሲዮኔ» እዚህ ከኅብረተሰብ ጋር መዋሐድ አይደለም፤ የጎደለ ወረቀት ማሟላት ነው። «ሜሞሪዬ ስክሪቴ» ትዝታ አይደለም፤ የጽሑፍ መከራከሪያ ነው። «ኢን ዲፌቶ» ደግሞ ጉድለት ሳይሆን «ይህ ካልሆነ» ማለት ነው፤ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ቅጣቱ ስለሆነ ይህ ቃል ከተሳተ የዓረፍተ ነገሩ ዛቻ ይጠፋል።

የወረቀቶቹ ዝርዝር ሌላው ከባድ ቦታ ነው። የወረቀት ስም መተርጎም ብቻውን አይረዳትም፤ «የተዋሐደ የገቢ ማረጋገጫ» ብለው ቢጽፉላት ይዛ የምትሄድበት አታውቅም። የጣሊያንኛውን ስም በላቲን ፊደል ደብዳቤው ላይ እንዳለ ይገልብጡ፤ መስኮት ላይ ጣቷን አሳርፋ የምታሳየው እሱን ነው። ሥሩ በአማርኛ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ምን እንደሆነና ማን እንደሚሰጠው። ለቤት ሠራተኛ በብዛት የሚጠየቁትን ልዘርዝር፤ ከደብዳቤዎ ጋር ያመሳክሩ።

«ኮፒያ ኢንተግራሌ» የተባለ ፓስፖርት ካለ ገጹ ሁሉ ኮፒ ይደረግ ማለት ነው፤ ባዶውም ጭምር። ፎቶ ያለበትን ገጽ ብቻ ይዞ መሄድ የተለመደ ስሕተት ነው። ስሟንም በዚህ አጋጣሚ ያስተያዩት። ጣሊያኖች ለኮኞሜ፣ ለቤተሰብ ስም፣ ብለው የሚጽፉት የአባቷን ወይም የአያቷን ስም ነው። በወረቀቶቿ ሁሉ ላይ በፓስፖርቱ ቅደም ተከተል፣ በዚያው የላቲን አጻጻፍ መገኘት አለበት። በትርጉሙ ውስጥም ስሟን በላቲን ይተዉት።

ቼርቲፊካሲዮኔ ኡኒካ የዓመት ገቢ ወረቀት ነው፤ ድርጅት ለሠራተኛው የሚሰጠው። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ግን ቤተሰቡ እንደ ድርጅት ግብር ስለማይቆርጥ ይህንን ወረቀት የማውጣት ግዴታ የለበትም። በምትኩ በዓመቱ የከፈሏትን ገንዘብ ጽፈው የፈረሙበት መግለጫ ይሰጣሉ። ደብዳቤው በደፈናው ቼርቲፊካሲዮኔ ኡኒካ ብሎ ከጠየቀ «ወይም አሠሪዎችሽ የፈረሙበት የ2025 ክፍያ መግለጫ» ብለው ይጨምሩላት፤ ያለዚያ የሌለ ወረቀት ስትፈልግ ዐሥሩ ቀን ያልቃል። ከዚህ ጋር የደመወዝ ወረቀቶቿን፣ ቡስታ ፓጋ የሚሏቸውን፣ ይዛ ትሂድ። ገቢው በቂ መሆኑን የሚለኩት በአሴኞ ሶቻሌ፣ ለአረጋውያን በሚሰጠው የማኅበራዊ ድጎማ መጠን ነው። ለ2025 በዓመት 7,002.97 ዩሮ ነበር። የምታስተዳድረው ቤተሰብ ጣሊያን ውስጥ ካላት መጠኑ ከፍ ይላል።

ለኢንፕስ፣ ለጣሊያን የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት፣ የሚከፈለው መዋጮ ደረሰኞች ብዙ ማመልከቻ የሚደናቀፍባቸው ናቸው። ለቤት ሠራተኛ መዋጮ የሚከፈለው በየሦስት ወሩ ነው፤ ከፋዩ አሠሪው ነው፤ የመክፈያው መጨረሻ ኤፕሪል 10፣ ጁላይ 10፣ ኦክቶበር 10 እና ጃንዋሪ 10 ነው። ዛሬ ላይ ሊኖራት የሚገባው የመጨረሻው ደረሰኝ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር 2025 ያለው፣ እስከ ጃንዋሪ 10 ቀን 2026 የተከፈለው ነው። የዚህ ዓመት የመጀመሪያ ሦስት ወር ገና እስከ ኤፕሪል 10 ጊዜ አለው፤ እሱ የለም ብላ አትደንግጥ። ያለፉት ከሌሉ ግን መደንገጥ ተገቢ ነው። ደረሰኞቹን አሠሪዋን ትጠይቅ፤ ያንኑ ቀን ደግሞ ፓትሮናቶ ሄዳ ከኢንፕስ የመዋጮ ዝርዝሯን ታስወጣ። ፓትሮናቶ በዚህ ሥራ የሚረዳ ማኅበራዊ ቢሮ ነው። በአሠሪዎቿ ቃል ብቻ አትተማመን። እኔ የረዳኋት አንዲት እኅት ቤተሰቡ «ሁሉም ተከፍሏል» ሲላት ኖራ ዝርዝሩ ሲወጣ ሁለት ሩብ ዓመት ባዶ ነበር። ዐሥሩ ቀን ሳያልቅ ስላየችው ቤተሰቡ ውዝፉን ከፈለ፤ ደረሰኙም ከመልሷ ጋር ገባ። ሕጉም ማደሻ ሲታይ በኋላ የመጡ አዳዲስ ነገሮች ግምት ውስጥ እንዲገቡ ስለሚያዝ ዘግይቶ የተከፈለ ደረሰኝ ዋጋ አለው።

የመኖሪያ ማረጋገጫውን ደግሞ ኦስፒታሊታ ይሉታል። የውጭ ዜጋ ቤቱ ያሳደረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ወይም ፖሊስ በሌለበት ለኮሙኔ የሚያስገባው ማስታወቂያ ነው። ግዴታው የቤቱ ባለቤት እንጂ የእሷ አይደለም። እሷ የምትኖረው ከአሮጊቷ ጋር ስለሆነ ያስገቡት አሮጊቷ ወይም ልጆቿ መሆን አለባቸው፤ የምትጠይቃቸውም ማኅተም ያለበትን ቅጂ ነው።

ይህን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ የደብዳቤውን ቁልፍ አንቀጽ እንዲህ ቢያደርጉት የሚሆን ይመስለኛል፦

«ጉዳዩ፦ የሶጆርኖ ማደሻሽን ላለመቀበል ያሰብንበትን ምክንያት ማሳወቅ። ይህ ክልከላ አይደለም። ማመልከቻሽ ሲታይ ከዚህ በታች የተጻፉት ወረቀቶች ጎድለው ተገኝተዋል። ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ ቀን ቀጥሎ በሚቆጠሩ 10 ቀናት ውስጥ፣ ማለትም እስከ ዓርብ፣ ማርች 13 ቀን 2026 (መጋቢት 4 ቀን 2018) ድረስ፣ የጎደሉትን ወረቀቶችና መናገር የምትፈልጊውን በጽሑፍ አቅርቢ። ይህ ካልሆነ ማመልከቻሽ ባለው መረጃ ብቻ ይወሰናል፤ ሊከለከልም ይችላል።»

ደብዳቤው «እርስዎ» እያለ እኔ «አንቺ» ያልኩት የሚያነብላት ዘመድ ስለሆነ ነው፤ ለማያውቁት ሰው ሲሆን «እርስዎ» ይሁን። ዋናው ግን በደብዳቤው የሌለውን በደብዳቤው አፍ አለማናገር ነው። «ይህ ክልከላ አይደለም» የሚለውና የተሰላው ቀን የእርስዎ ማብራሪያ ስለሆኑ ከሥራቸው መስመር ያስምሩና «የተርጓሚው ማስታወሻ» ይበሉ። ፓትሮናቶ ወይም ጠበቃ ጋር ስትደርስ መሥሪያ ቤቱ ያለውና እርስዎ ያሉት ተለይቶ መታየት አለበት። ይህ ትርጉም ለእሷ መረጃ ብቻ ነው፤ በፍርድ ቤት መሐላ የሚጸድቅ ትርጉም አይደለምና የትም አይገባም። የምታስገባው የጣሊያንኛውን ዋና ደብዳቤ ቅጂ ነው።

መልሱን እንዴት እንደምታስገባ ደብዳቤው ግርጌ ላይ ይጻፋል። አንዳንዱ በፔክ፣ ማለትም በተመዘገበ ኢሜይል፣ ይቀበላል፤ እሷ ከሌላት ፓትሮናቶ ወይም ጠበቃ ይልኩላታል። አንዳንዱ በመስኮት ወይም በራኮማንዳታ ይላል። በመስኮት ከሆነ ሁለት ቅጂ ትያዝ፤ አንዱን አስገብታ በሁለተኛው ላይ የመቀበያ ማኅተምና ቀን ታስመታ። ከማመልከቻው ጋር እንዲገናኝ መጀመሪያ ፖስታ ቤት የሰጣትን የሪቼቩታ ቁጥርና የደብዳቤውን የፕሮቶኮል ቁጥር ከላይ ትጻፍ። ኦስፒታሊታው ወይም የክፍያ መግለጫው እስከ ዓርብ ካልደረሰላት ያላትን አስገብታ «ይህኛው በመውጣት ላይ ነው፣ እንደወጣ አቀርባለሁ» ብላ በጽሑፍ ታሳውቅ። ቀኑ ካለፈም ውሳኔው እስካልወጣ ድረስ ወረቀቱ ሲገኝ ወዲያው ይግባ።

እስከ ማርች 13 የቀሯትን ቀናት ለማብቃቃት ነገውኑ ፓትሮናቶ ሄዳ የመዋጮ ዝርዝሩን ታስወጣ፤ ዛሬ ማታ ደግሞ የክፍያ መግለጫውንና ኦስፒታሊታውን ለአሮጊቷ ልጆች ትንገራቸው። የሌላ ሰው ፊርማ የሚያስፈልጋቸው ሁለቱ ስለሆኑ የሚዘገዩትም እነሱ ናቸው።